ክፍልፋይ የጠፋው በየትኛው ክፍል ነው? የአንድ ትምህርት ካርታ በሐዋሳ



በየዓመቱ በመስከረም ወር የምትልኩት የደብተርና የእርሳስ ገንዘብ በሐዋሳ ከተማ ለሚገኙ ተማሪዎች እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። ከእናንተ መካከል አንዳንዶች ግን «ደብተሩ ሲሞላ በውስጡ የሚጻፈው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛም መልሱን የምናውቅ መስሎን ነበር። ደብተሮቹን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ባየን ጊዜ ግን ያላሰብነውን አገኘን። በዚህ ጽሑፍ ያንን ሥራ እንዴት እንደ ሠራነውና ምን እንዳየን እንነግራችኋለን።

ነገሩ የሆነው ሐዋሳ በቀድሞው የደቡብ ክልል ሥር በነበረችበት ጊዜ ነው። የምንረዳው አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ተማሪዎቹ 1/2 እና 1/3 መደመር እንደማይችሉ፣ ብዙዎቹም 2/5 ብለው እንደሚመልሱ ይነግሩናል። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው ማለት ነው። መልሱ 5/6 ነው፤ 2/5 ግን ከመነሻው ከግማሽ እንኳ ያንሳል። መምህሩ ጥፋቱን በ6ኛ ክፍል መምህር ላይ አደረጉ። የ6ኛው መምህር ወደ 5ኛው፣ የ5ኛው ወደ 4ኛው ጠቆሙ። የ4ኛ ክፍል መምህርትም መርሐ ትምህርቱን ከፍተው «እኔ ክፍልፋይ አስተምሬያለሁ፤ ይኸው በዓመታዊ ዕቅዴ ላይ ተጽፏል» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ በዕቅዱ ላይ ተጽፎ ነበር። ሁሉም እውነት ሲናገሩ ልጁ የማይችል ከሆነ፣ የጎደለው ነገር በአንዱ መምህር ክፍል ውስጥ ሳይሆን በክፍሎቹ መካከል ነው ብለን ጠረጠርን። በክፍሎች መካከል ያለውን የሚያይ ሰው ደግሞ በትምህርት ቤቱ አልነበረም። እያንዳንዱ መምህር የራሱን ዓመት ብቻ ያያል፤ ስምንቱንም ዓመት የሚያልፍበት ልጁ ብቻ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ካርታ ለመሥራት ተስማማን። ካርታ ማለታችን አንድ ትምህርት ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው የሚሄድበትን መንገድ በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። አሳቡ የእኛ አይደለም። ፌንዊክ ኢንግሊሽ የሚባሉ አሜሪካዊ የትምህርት ባለሙያ በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ባስፋፉት አሳብ፣ ካርታው መያዝ ያለበት ሊሰጥ የታቀደውን ሳይሆን በክፍል ውስጥ በእርግጥ የተሰጠውን ነው። ኋላም ሃይዲ ሄይስ ጄኮብስ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ ዘዴውን በብዙ ትምህርት ቤቶች አሳወቁት። ይህ በታቀደውና በተሰጠው መካከል ያለው ልዩነት የሥራው ዋና ነገር ነው። ያለ እርሱ የሚሠራ ካርታ የመርሐ ትምህርቱ ግልባጭ ከመሆን አያልፍም።

በመጀመሪያ ሒሳብን በሙሉ ልንዘረጋ አስበን ነበር፤ ወዲያው ተውነው። ሙሉ ሒሳብ ግድግዳ የሚሞላ ወረቀት ይፈጃል፤ ከዚያም ማንም አያነበውም። ሕመሙ የታየው በክፍልፋይ ላይ ስለሆነ ክፍልፋይን ብቻ ያዝን። ክፍልፋይንም በአሥራ አንድ ረድፍ ከፈልነው። አንድን ነገር በእኩል መከፋፈል፤ ግማሽ፣ ሩብና ሢሶ፤ ላዕልና ታህት፤ ክፍልፋይን በቁጥር መስመር ላይ ማስቀመጥ፤ አቻ ክፍልፋዮች፤ ማወዳደር፤ ታህታቸው አንድ የሆኑትን መደመርና መቀነስ፤ ታህታቸው የተለያየውን መደመርና መቀነስ፤ ማባዛትና ማካፈል፤ አስርዮሽ፤ በመጨረሻም መቶኛ። በላይ በኩል ስምንቱን ክፍሎች ጻፍን። ሰማንያ ስምንት ሳጥን ማለት ነው። በትልቅ ካርቶን ላይ በማስመሪያ አሰመርነው።

ሳጥኖቹን የምንሞላው በሦስት ቀለም ነበር። በሰማያዊ መጽሐፉና መርሐ ትምህርቱ የሚያዘውን ጻፍን። በቀይ በክፍል ውስጥ የተሰጠውን፣ በአረንጓዴ ደግሞ በፈተና የተጠየቀውን። ሰማያዊው በግማሽ ቀን ተጠናቀቀ፤ መጽሐፍ ገልጦ መቅዳት ነውና። አረንጓዴውም ርዕሰ መምህሩ የፈተና ወረቀቶችን በፋይል ያስቀምጡ ስለነበር አልከበደም። ቀዩ ግን ብዙ ሳምንት ወሰደ።

ለቀዩ መጀመሪያ የመምህራኑን ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ወሰድን። ወዲያው አንድ ነገር አስጠረጠረን፤ ቀዩ ከሰማያዊው ጋር በየሳጥኑ አንድ ሆነ። ባዶ ሳጥን አንድም የለም። ይህን ምልክት ለሚሠራው ሁሉ እንነግራለን፤ የመጀመሪያው ካርታ ምንም ባዶ ቦታ ከሌለው ሰዎቹ ከመርሐ ትምህርቱ ቀድተዋል ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዕለታዊ ዕቅድ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚታይ ወረቀት ነው። መምህሩ ያላስተማረውን ያስተማረ አስመስሎ የሚጽፈው ሐሰተኛ ስለሆነ ሳይሆን፣ ባዶ ቦታ ቅጣት ስለሚያመጣበት ነው። እኛም በካርታው ላይ የመምህር ስም እንዳይጻፍ፣ ከግቢውም እንዳይወጣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተስማምተን ሁለተኛ ጀመርን።

በሁለተኛው ጊዜ የተማሪ ደብተር ሰበሰብን። ከየምድቡ ሦስት ሦስት፣ ከትምህርት ገበታቸው ብዙ የማይቀሩትን ልጆች መርጠን። ደብተር ቀን አለው፣ ያልተሰጠውንም አይይዝም። ይህ በሰኔ መጀመሪያ መሠራት አለበት፤ ትምህርት ከተዘጋ በኋላ የአሮጌ ደብተር ዕጣ በየሱቁ ስኳርና በርበሬ መጠቅለያ መሆን ነውና። እኛ ሁለት ደብተሮችን የሸጠችውን እናት ስንጠይቅ ወደ ባለ ሱቁ መራችን፤ አንዱን ግማሹን ገጽ ተጠቅልሎበት አገኘነው!

በየሳጥኑም የርዕሱን ስም ብቻ አልጻፍንም። ተማሪው በራሱ የሠራውን ከባዱን ጥያቄ ከደብተሩ ቀድተን አስገባን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሥራውን በሙሉ የለወጠው ግን እርሱ ነው። «ክፍልፋዮችን ማወዳደር» የሚል ርዕስ በ3ኛም፣ በ4ኛም፣ በ5ኛም ክፍል አለ። ርዕሱን ብቻ የሚያይ ሰው ድግግሞሽ ነው ይላል፤ ወይም ደግሞ ልጁ በየዓመቱ እየጠለቀ ነው ይላል። ከርዕስ ብቻ ማወቅ አይቻልም። በ3ኛ ክፍል 1/2ን ከ1/4፣ በ4ኛ 3/8ን ከ5/8፣ በ5ኛ 3/8ን ከ5/12 የሚያወዳድር ልጅ በየዓመቱ ደረጃ ይወጣል። ጀሮም ብሩነር በ1960 እ.ኤ.አ. በጻፉት መጽሐፍ ትምህርት እንደ ጠመዝማዛ መሰላል ወደ አንድ ነገር እየተመለሰ ከፍ እንዲል ያሳሰቡት ይህንኑ ነው። በሦስቱም ዓመት 1/2ን ከ1/4 የሚያወዳድር ልጅ ግን በአንድ ቦታ ይዞራል። ልዩነቱ የሚታየው በጥያቄው ነው።

ካርቶኑ ሲሞላ በረድፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አነበብነው። በ2ኛ ክፍል ልጆች ክብ ነገር ለሁለትና ለአራት ከፍለው አንዱን ክፍል ቀለም ይቀባሉ። በ3ኛ ክፍል ይቀባሉ። በ4ኛ ክፍል ይቀባሉ፤ ታህታቸው አንድ የሆኑ ክፍልፋዮችንም ይደምራሉ። ከዚያ 5ኛ ክፍል ይመጣል። በዚያን ጊዜ በክልሉ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። በአማርኛ ላዕልና ታህት ያሉት አሁን ኒውሜሬተርና ዲኖሚኔተር ሆኑ። መምህሩ አዲሱን ቃል ለማስለመድ ወደሚታወቀው ተመለሱ፤ እንደ ገና ክብ ነገር ማስቀባት። ለክፍልፋይ ከነበራቸው ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ አምስቱ በዚህ አለቀ። በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ደብተሩ ላይ ቀኑ ተከታታይ ነው፣ 2/3 ሲደመር 3/4 ይላል።

በዚህ ላይ ቆም እንበል። ቀለም ከመቀባት ወደ 2/3 ሲደመር 3/4 ለመድረስ ልጁ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። 2/3 እና 8/12 አንድ መጠን መሆናቸውን፣ 3/4 እና 9/12ም እንደዚሁ። ይህም አቻ ክፍልፋይ የሚባለው ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ስምንት አሥራ ሁለተኛና ዘጠኝ አሥራ ሁለተኛ ሲደመሩ 17/12 እንደሚሆኑ በራሱ ያያል። የአቻ ክፍልፋዮችን ረድፍ ስናነብ በሰማያዊ በ4ኛ ክፍል አለ። በቀይ ግን በየትኛውም ክፍል ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ የተሠራ አላገኘንም። የ4ኛ ክፍል መምህርት ወደ ዕቅዳቸው ሲያመለክቱ ትክክል ነበሩ፤ የ5ኛውም መምህር «ይህ የ4ኛ ክፍል ነው» ብለው ሲያልፉት መጽሐፉን አምነው ነው። በ6ኛ ክፍል ትንሹን የጋራ ብዜት ማግኘት እንደ ደንብ ተሰጠ፤ ልጆቹ ደንቡን በቃላቸው ያዙት፤ በሚቀጥለው ዓመት ረስተው ወደ 2/5 ተመለሱ።

ለምን በ4ኛ ክፍል ሳይሰጥ ቀረ? የደብተሮቹን ቀን ስናይ ገባን። ምዕራፉ በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ነው። ምዝገባ መስከረምን ይወስዳል፤ በመካከል በዓልና ስብሰባ አለ። በግንቦት መምህርትዋ አቻ ክፍልፋዮች ላይ ሲደርሱ የፈተና ክለሳ ተጀመረ። በ3ኛ ክፍልም ያው ምዕራፍ በመጨረሻ ላይ ስለሆነ በዚያው ምክንያት ተቆርጧል። አንድ ርዕስ በየክፍሉ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ በየዓመቱ አብሮ ይቆረጣል፤ ጉድጓዱም በአንድ ቦታ እየጠለቀ ይሄዳል። ይህን አንድ መምህር ብቻውን ሊያየው አይችልም፤ እያንዳንዱ ለራሱ «አንድ ምዕራፍ አልጨረስኩም» ይላልና።

ሁለተኛው ባዶ ረድፍ ከዚህም ይከፋ ነበር። ክፍልፋይን በቁጥር መስመር ላይ ማስቀመጥ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በቀይ አንድም ሳጥን አልያዘም። በ7ኛ ክፍል ግን ትምህርቱ የሚጀምረው ኔጌቲቭ ክፍልፋዮችን ከዜሮ በስተግራ በማስቀመጥ ነው። ልጁ እስከዚያ ድረስ ክፍልፋይን እንደ ቁጥር አላየውም፤ የተቀባ የዳቦ ቁራጭ ነው የሚያውቀው። የዳቦ ቁራጭ ደግሞ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም፤ 5/4 ማለት ለዚህ ልጅ ትርጉም የለውም። አስርዮሽም በሌላ ምዕራፍ ለብቻው ስለሚመጣ 0.5 እና 1/2 አንድ ቦታ ላይ መሆናቸውን የሚያሳየው አልነበረም።

ካርታ የተሰጠውን ያሳያል እንጂ የገባውን አያሳይም። ስለዚህ ግምታችንን ለመፈተን ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ሰጠን። ከ1/3 እና ከ1/4 የቱ ይበልጣል? ከ0 እስከ 2 በተሰመረ መስመር ላይ 3/4ን አመልክት። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው? ማርክ የለውም፤ ስምም አይጻፍበትም። በመጀመሪያው ጥያቄ ብዙዎች 1/4 አሉ፤ አራት ከሦስት ይበልጣልና። በሁለተኛው ላይ ብዙ ልጆች ምልክቱን ያደረጉት በ1 እና በ2 መካከል፣ አንድ ተኩል ላይ ነው። የመስመሩን ሙሉ ርዝመት እንደ አንድ ዳቦ ቆጥረው ሦስት አራተኛውን ወሰዱ። ባዶው ረድፍ የተነበየው ስህተት ይኸው ነበር። ከሁሉ ያሳዘነን የ8ኛ ክፍሎቹ ስህተት ከ5ኛ ክፍሎቹ ስህተት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ስህተቱ ከክፍል ወደ ክፍል መልኩን ሳይለውጥ ከተከተለ ምክንያቱ የልጆቹ ስንፍና ወይም የአንድ መምህር ድካም ሊሆን አይችልም።

አንድ ሽማግሌ የወላጆች ኮሚቴ አባል ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ጭሰኛ ነበሩ። «ለባለ መሬቱ ሢሶ ከመስጠትና እርቦ ከመስጠት የቱ እንደሚጎዳ ማን ያጣዋል?» አሉ። ሢሶ 1/3 ነው፤ እርቦ 1/4። ልጆቹም ቢሆኑ በገበያ «አንድ ኪሎ ተኩል» ይላሉ፤ ሰዓት ሲጠየቁ «ሦስት ሰዓት ከሩብ» ይመልሳሉ። በሦስትና በአራት መካከል ያለ ቁጥር በአፋቸው አለ ማለት ነው። በደብተራቸው ውስጥ ግን አልገባም፤ በ5ኛ ክፍል ቋንቋው ሲለወጥ ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ራቀ። ከልጆቹ ብዙዎቹ በቤታቸው ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩ ስለሆኑ ይህ ለእነርሱ ሁለተኛው የቋንቋ መሻገሪያ ነበር።

ማስተካከያው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አልጠየቀም፤ ተጨማሪ ጊዜም አልነበረም። መምህራኑ በካርቶኑ ዙሪያ ተቀምጠው ከሚደጋገመው ወስደው ለጎደለው ሰጡ። ቀለም መቀባት በ3ኛ ክፍል እንዲያበቃ ተስማሙ። በ4ኛ ክፍል የክፍልፋይ ምዕራፍ ከግንቦት ወደ ጥር ተዛወረ። በ4ኛ ክፍል ከሚተርፈው ጊዜ አራት ክፍለ ጊዜ ለአቻ ክፍልፋዮች ተሰጠ። ለዚህም ረጅም የወረቀት ጥብጣብ ያጥፋሉ፤ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ግማሽ፣ ሁለት ጊዜ ሩብ፣ ሦስት ጊዜ ስምንተኛ። አንድ ሁለተኛ፣ ሁለት አራተኛና አራት ስምንተኛ በአንዱ እጥፋት ላይ ሲገናኙ ልጁ በዓይኑ ያያል። ከዚያ ጥብጣቡን ከሰሌዳው በታች በተዘረጋ ገመድ ላይ ከ0 እስከ 1፣ ሌላውን ከ1 እስከ 2 ይሰቅሉታል። ዳቦው ወደ ቁጥር መስመር የተለወጠው በዚህ ነው። በ5ኛ ክፍል መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲጀምሩ ክብ ነገር ማስቀባት ትተው ያንኑ ገመድ ሰቀሉ፤ አዲስ የሆነው ቃሉ ብቻ እንዲሆን።

ስለ ድካማችንም እንናገር። የ4ኛ ክፍል ሁለት ምድቦች ደብተር የተለያየ ሆኖ አገኘነው፤ አንዱ ምድብ ወደ ክፍልፋይ ደርሶ ነበር፣ ሌላው ጭራሽ አልደረሰም። ሁለቱን በአንድ ሳጥን መጻፍ ሐሰት ስለሆነ ሳጥኑን በሰያፍ ለሁለት ከፈልነው። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው የመጡትን ልጆች መንገድ ደግሞ ይህ ካርታ ጨርሶ አያሳየውም። ሦስቱ ጥያቄዎችም ምክንያቱን በሙሉ አያሳዩም፤ ልጁ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ የተሳሳተ እንደሆነ ለማወቅ በአማርኛ ደግመን ልንሰጥ ግድ ሆነብን። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ትንሽ ተሻሽሎ ተመለሰ፤ ሁለተኛው ግን እንደ ነበረ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ሐዋሳ በ2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሥራ ላይ ውሏል፤ የመጀመሪያ ደረጃም እስከ 6ኛ ክፍል ሆኗል። አሮጌው ሰማያዊ ቀለማችን ዋጋ የለውም፤ ከአዲሶቹ መጻሕፍት እንደ ገና መጻፍ ይኖርበታል። በመጽሐፍ ለውጥ ጊዜ ደግሞ በካርታ ብቻ የሚታይ አንድ ልዩ ጉድጓድ ይፈጠራል። አንድ ርዕስ ከ6ኛ ወደ 5ኛ ክፍል ዝቅ ቢደረግ፣ አሮጌውን የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ ጨርሶ ወደ አዲሱ የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ የሚገባው ልጅ ያንን ርዕስ በየትም አያገኘውም። በአሮጌው መጽሐፍ ገና ነበር፤ በአዲሱ አልፎታል። ከ6ኛ ወደ 7ኛ ከፍ ቢደረግ ደግሞ አሮጌውን 6ኛ ጨርሶ ወደ አዲሱ 7ኛ የሚገባው ሁለት ጊዜ ይማረዋል፤ ይህኛው ብዙ አይጎዳም። ስለዚህ በለውጥ ዓመት ካርታውን በክፍል ሳይሆን በልጆቹ ማንበብ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት 6ኛ የገባውን ቡድን ይዞ፣ አምና በየትኛው መጽሐፍ፣ ዘንድሮ በየትኛው እንደ ተማረ በሰያፍ መከተል ነው።

ካርቶኑ ዛሬም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ አለ፤ ጠርዙ ተቀዷል። የመጨረሻው ረድፍ፣ መቶኛ፣ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ደብተር የሚሰበሰበው በሰኔ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለ ሱቁ ይቀድመናል።